ሠራተኛው በገዛ ፌስቡኩ ሲጽፍ ሆስፒታሉ ምን ያገባዋል?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ሆስፒታል የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። 140 ያህል ሠራተኞች አሉን። በቅርቡ ሦስት ነገር ተደራረበብን። አንዲት ነርስ ፌስቡክ ላይ ስለ አንድ ብሔር የጻፈችው ነገር የታካሚ ቤተሰብ ጋ ደርሶ «እሷ እንዳትነካብን» አሉ። ሁለት ልጆች በሌሊት ተራቸው ዋርድ ውስጥ ቲክቶክ ሠሩ። ሌሎች ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዘገየ ብለው ቴሌግራም ላይ ጻፉ። የቦርድ ሰብሳቢያችን «ስለ ሆስፒታሉም ስለ ፖለቲካም ማንም ምንም እንዳይጽፍ የሚል መመሪያ አውጡ» ብለውኛል። ሰውን ሳናፍን ስማችንን የምንጠብቅበት መመሪያ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦

የሰብሳቢው ዓረፍተ ነገር አጭርና ግልጽ ነው። ችግሩ አለመሥራቱ ነው። 140 ሰው በየስልኩ የሚጽፈውን ተከታትሎ የሚዘልቅ አለቃ የለም። ስለዚህ ክልከላው ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና አንድ ቀን አለቃው ያልወደደው ሰው ላይ ብቻ ይመዘዛል። ያን ጊዜ ሠራተኛው «እከሌ ባለፈው ወር የጻፈውስ?» ይልዎታል። መልስ አይኖርዎትም።

ሕጉም ከጎንዎ አይቆምም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ፣ ሰውን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። የፖለቲካ አመለካከት አንዱ ነው። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሌላው ነው። ሰብሳቢው ሊያፍኑ የፈለጉት በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው። ቴሌግራም ላይ ማማረር «ቅሬታ ማቅረብ» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ግን ያን ክርክር ፍርድ ቤት ቆሞ መጀመር የሚፈልግ ሆስፒታል ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስቱን ክስተቶች ለያዩአቸው። የሚያመሳስላቸው ስልክ ላይ መጻፋቸው ብቻ ነው። ቲክቶኩ የታካሚን ምስጢር የሚነካ ነው። የነርሷ ጽሑፍ «እዚህ ሆስፒታል እኩል እታከማለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። የቴሌግራሙ ጽሑፍ ደግሞ የደመወዝ ጉዳይ ነው። ሦስቱን በአንድ አንቀጽ ለመያዝ ሲሞከር ነው «የድርጅቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ ማንኛውም ጽሑፍ» የሚል ነገር የሚወለደው። ይህን ሐረግ በብዙ ድርጅቶች መመሪያ ላይ ያገኙታል። እኔ ባየሁት ቁጥር እሰርዘዋለሁ። ምን መጻፍ እንደሚቻል ለሠራተኛው አይነግረውም፤ ምን መቅጣት እንደሚቻልም ለኃላፊው አይነግረውም።

ከታካሚው እንጀምር፤ ጥብቅ መሆን ያለብዎት እዚህ ላይ ነው።

ታካሚን የሚመለከተው ክፍል ድርድር አይገባውም። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የባለሙያን ምስጢር ማውጣት ደግሞ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ነገር ግን «የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይለውጥም። ቲክቶክ የሠሩት ልጆችም ቢጠየቁ ምስጢር መጠበቅ ግዴታ እንደሆነ ያውቃሉ። ያላወቁት ከኋላቸው ምን እንዳለ ነው።

ሌሊት ዋርድ ውስጥ የተቀረጸ የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ እስቲ ልብ ብለው ይዩ። ከኋላ የታካሚዎች ስምና የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ አለ። ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ካርድ አለ። የኮምፒውተሩ ስክሪን በርቷል። ከመጋረጃ ጀርባ የሚያቃስት ሰው ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ እየሳቁ ነው። ያንን ድምፅ የምታውቅ እህቱ ናት። ቪዲዮው እሷ ጋ ሲደርስ የሆስፒታሉ ስም ያለቀለት ያኔ ነው፤ ምንም ማስተባበያ አይመልሰውም።

ፊትን ማደብዘዝም ሰው እንደሚያስበው አያድንም። «ከእንትን ከተማ የመጣ የ34 ዓመት ሹፌር፣ ትናንት ማታ በመኪና አደጋ» ካላችሁ ፊቱ ባይታይም የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቆታል። ዕድሜ፣ ከተማ፣ ሥራና ቀን አንድ ላይ ከመጡ ስም ተጠራ ማለት ነው። ስለዚህ አንቀጹን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦

«ታካሚ ባለበት ወይም የታካሚ መረጃ በሚታይበት ቦታ ማለትም በዋርድ፣ በምርመራ ክፍል፣ በላቦራቶሪ፣ በካርድ ክፍል፣ በአምቡላንስ ውስጥና በመጠበቂያ ቦታ ለግል ገጽ ፎቶ፣ ቪዲዮም ሆነ ድምፅ አይቀረጽም። የታካሚው ፊት ባይታይም፣ ስሙ ባይጠራም፣ ታካሚው ራሱ ቢፈቅድም ክልከላው ይጸናል።»

የመጨረሻዋ ሐረግ «ታካሚው ቢፈቅድም» የምትለው ትከብድ ይሆናል። ግን ያስቡት። አልጋ ላይ ተኝቶ መርፌ የሚወጋውን ሰው ነርሷ «ቪዲዮ ልሥራ?» ብትለው እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። ሆስፒታሉ ራሱ የታካሚ ታሪክ ማውጣት ከፈለገ በጽሑፍ ፈቃድ ይውሰድ፤ ታካሚው ከወጣ በኋላ፣ በሕዝብ ግንኙነት በኩል።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ሐኪሞቻችሁ በቴሌግራም ግሩፖች ይማከራሉ። አንዱ ራጅ ይለጥፋል፣ ሌላው ከሌላ ከተማ ሆኖ «እኔ እንደሚመስለኝ…» ይላል። ስፔሻሊስት በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ ሰው ያድናል። በጅምላ ከከለከሉት ሐኪሙ ይደብቀዋል እንጂ አይተወውም። ስለዚህ መንገዱን ይጻፉለት። ግሩፑ ዝግና አባላቱ የታወቁ ባለሙያዎች ይሁኑ። ከራጁ ጥግ ላይ ያለው ስም፣ የካርድ ቁጥርና ቀን ይቆረጥ። ፊትና መለያ ምልክት አይታይ። ለሕክምናው የማያስፈልግ የሕይወት ታሪክ አይጻፍ። ከዚያ ውጭ ተፈቅዷል ይበሉ። የጤና ትምህርት የሚሰጡ የራሳቸው ገጽ ያላቸው ሐኪሞችም አሉ። ስለ ደም ግፊት ማስተማር ይችላሉ። ትናንት ስላከሟት እናት መተረክ አይችሉም። ልዩነቱን በምሳሌ ጭምር ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ በማን ስም ነው የተናገረው?

ሠራተኛው እንደ ግለሰብ የተናገረው መቼ ነው? እንደ ሆስፒታሉ ሰው የተናገረውስ? ሰዎች መልሱ «የሥራ ሰዓት» ይመስላቸዋል። አይደለም። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ነገር በእሑድ ተጻፈ ብሎ ማንም አይለይልዎትም። የሚለየው አንባቢው ምን ያያል የሚለው ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የሆስፒታሉ ስም አለ? በሎጎ ጋውንና በባጅ የተነሣው ፎቶ ነው የተለጠፈው? ጽሑፉ «እኛ ጋ» ብሎ ይጀምራል? እነዚህ ሲደማመሩ አንባቢው ሆስፒታሉን ይሰማል።

ስለዚህ ቀላል ምርጫ ይስጧቸው። የሥራ ቦታቸውን ፕሮፋይላቸው ላይ መጻፍ ይችላሉ፤ የሰው ኩራት ነው፣ አይከልክሉ። ነገር ግን አከራካሪ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት ክርክር ውስጥ የሚገቡ ከሆነ በጋውን፣ በባጅና በሎጎ አይሁን። «የምጽፈው የግሌ አስተያየት ነው» የሚለው መስመር ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ክታብ አይቁጠሩት። በጋውን ተነሥቶ ሰው ለሰደበ ሰው ያ መስመር አይደርስለትም።

ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ሚዛን መመዘንም ትክክል አይሆንም። የካፍቴሪያ አስተናጋጁና ሜዲካል ዳይሬክተሩ የሚጽፉት እኩል ክብደት የለውም። ዳይሬክተሩ ጋውን ባይለብስም ሰው ሆስፒታሉን ነው የሚያይበት። ስለዚህ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠበቅባቸውን የሥራ መደቦች በስም ይዘርዝሩ፦ ሥራ አስኪያጅ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ሜትረን፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ የክፍል ኃላፊዎች። የቦርድ አባላትንም ይጨምሩ። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጥ ይሆናል። ቢሆንም ራሱን ነፃ ያደረገ ቦርድ ያወጣውን መመሪያ ማንም አያከብረውም።

«መመሪያው ማንን ይመለከታል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ትልልቆቹ እንኳ የተደናቀፉት እዚህ ላይ ነው። እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ማች ኦፍ ዘ ዴይ የተባለውን የቢ.ቢ.ሲ. የእግር ኳስ ፕሮግራም ያቀርብ የነበረውን የጋሪ ሊንከርን ጉዳይ ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 2023 ላይ ሊንከር የእንግሊዝን መንግሥት የስደተኞች ፖሊሲ በትዊተር ክፉኛ ነቀፈ። ቢ.ቢ.ሲ. ከማቅረብ ለጊዜው አነሣው። ባልደረቦቹ «እሱ ከሌለ እኛም የለንም» አሉ። የቅዳሜው ማች ኦፍ ዘ ዴይ ያለ አቅራቢና ያለ ተንታኝ በ20 ደቂቃ ተላለፈ። በሁለት ቀን ውስጥ ጣቢያው ወደኋላ አለና መመሪያው በገለልተኛ ሰው እንዲገመገም አዘዘ። የክርክሩ ሥር የጻፈው ነገር ትክክል ነው አይደለም ብቻ አልነበረም። ሊንከር የዜና ሰው አይደለም፤ የቢ.ቢ.ሲ. ቋሚ ተቀጣሪም አልነበረም። የገለልተኝነት ግዴታው እሱን ምን ያህል እንደሚያስረው መመሪያው ጥርት አድርጎ አልመለሰም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 የወጣው አዲሱ መመሪያ የዋና ዋና ፕሮግራሞች አቅራቢዎችን ለብቻ ለይቶ ግዴታቸውን ጻፈ።

የእርስዎ ሊንከር ማን እንደሆነ ልንገርዎ? ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውሎ ማታ እናንተ ጋ ፓርት ታይም የሚሠራው ስፔሻሊስት ነው። ታዋቂ ነው፣ ተከታይ አለው፣ ታካሚ የሚመጣው በሱ ስም ነው። የእናንተ ቋሚ ሠራተኛ ግን አይደለም። ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት ልታቀርቡት አትችሉም ይሆናል። የሚይዘው በውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የታካሚ ምስጢርና የሎጎ አጠቃቀም አንቀጾችን በፓርት ታይም ሐኪሞች፣ በተለማማጅ ተማሪዎችና በጽዳትና ጥበቃ ኤጀንሲዎች ውል ውስጥ ያስገቡ። የቀረውን ይተዉላቸው። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የሚሠራን ሰው አንደበት አንድ ቀጣሪ ሊገዛው አይችልም።

አሁን ወደ ነርሷ ጉዳይ እንሂድ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ሰብሳቢው «ፖለቲካ» ብለው የጠሩት ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው አመለካከት ነው። ስለ መንግሥት፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ክልል አከላለል፣ ስለ ዋጋ ንረት ማለት ነው። ይህ የሷ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ይጠብቀዋል። ብዙ ታካሚ ሊያስቀይም ይችላል፤ ቢሆንም መመሪያው አይንካው። ሁለተኛው በማንነታቸው ምክንያት ሰዎች ላይ ጥላቻ መዝራት ነው። ለዚህ አዲስ ትርጉም አይፍጠሩ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ትርጉም አለው፦ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። አዋጁ ለዚህ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀምጣል። ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ይከብዳል።

ግን ሆስፒታሉ ዐቃቤ ሕግ አይደለም። ወንጀል ነው አይደለም ብሎ መፍረድ የናንተ ሥራ አይሆንም። የናንተ ጥያቄ ጠበብ ይላል፦ ይህን የጻፈ ሰው ሁሉንም ታካሚ እኩል ያክማል ብሎ ታካሚው ሊያምን ይችላል? ለሆስፒታል ይህ ጥያቄ ከስም በላይ ነው፤ የሥራው መሠረት ነው። አንቀጹን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ሠራተኛው በግል ገጹ የፖለቲካ፣ የሃይማኖትና የማኅበራዊ ጉዳዮች አመለካከቱን መግለጽ ይችላል። ነገር ግን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰዎችን የሚያዋርድ፣ ጥቃት እንዲደርስባቸው የሚጋብዝ ወይም በሕክምና አሰጣጥ ላይ አድልዎ እንደሚደረግ የሚያመለክት ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው። የሌላን ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግፎ ማጋራትም እንደዚያው ይቆጠራል።»

«ላይክ» ማድረግን አላስገባሁም። ሆን ብዬ ነው። አውራ ጣት ይንሸራተታል፤ አንዳንዱም ያነበበውን ለማስታወስ ላይክ ያደርጋል። በላይክ ሰው መክሰስ ከጀመሩ የሰው ሀብት ክፍሉ ሌላ ሥራ አይሠራም። «ሼር» ማድረግ ግን የራስን ድምፅ መጨመር ነው። ያም ቢሆን ለማውገዝ ሼር ያደረገ ሰው ስላለ «ደግፎ» የምትለው ቃል አትውጣ።

ነርሷ ምን እንደጻፈች ስላልነገሩኝ ሦስት አማራጭ ልውሰድ። «ይህ መንግሥት የእገሌን ብሔር ብቻ ነው የሚጠቅመው» ብላ ከሆነ የፖለቲካ አስተያየት ነው። መራራ ሊሆን ይችላል። ምንም አይደረግም፤ የታካሚው ቤተሰብ ቢቆጣም። «እነዚህ ሰዎች ሲባሉ…» ብላ ስድብ ከጻፈች አንቀጹ ውስጥ ገብታለች። ክብደቱ በቃላቱ፣ በስንት ሰው እንደታየና ጽሑፉ ላይ ሆስፒታሉ መታወቁ አለመታወቁ ላይ ይመሠረታል። «የነሱን ቁስል በማጠብ እጄን አላቆሽሽም» ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ስለ ሥራዋ የተናገረችው ነው። ገጿን ለጓደኞቿ ብቻ ዘግታ ብትጽፈውም አያድናትም።

እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት ግን ገጹ የሷ መሆኑን ያረጋግጡ። በሰው ስምና ፎቶ የተከፈተ ፌክ አካውንት ስንቱን አጋጭቷል። ስክሪንሾት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሁለት ደቂቃ ይፈበረካል። የገጹን ሊንክ፣ ጽሑፉ የወጣበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ። የገጹን የቀድሞ ፎቶዎች ይዩ። ሁለት ሰው ስክሪኑን በቀጥታ አይቶ ይፈርም። ከዚያ እሷን ይጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። «አካውንቴ ተጠልፎ ነበር» ካለች መቼ እንዳወቀችና ለማን እንደተናገረች ይጠይቁ። በእውነት የተጠለፈበት ሰው ብዙ ጊዜ ለአንድ ጓደኛው «የኔ አይደለም» ብሎ ጽፏል። በዚህ መሃል የታካሚው ቤተሰብ ጥያቄ አለ። ለጊዜው ክፍል ማቀያየር ይቻላል፤ ግን ቅጣት አለመሆኑን በደብዳቤ ይንገሯት።

ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። ኮሚቴው «የሚቀጥለው ወር እንሰብሰብ» ሲል የሚበላው ይህንን ነው። ስለዚህ መመሪያው ውስጥ ቀን ያስቀምጡ። ለምሳሌ ማስረጃ በ3 የሥራ ቀን፣ የሠራተኛው መልስ በ5፣ የኮሚቴው ውሳኔ በ10 ይለቅ። ከ30ው በደንብ ሲተርፍ ይግባኝ የሚሰማበት ጊዜ ይኖራል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ የሰው ሀብት ባለሙያ ይዘነጋዋል። «መመሪያችን ላይ ከሥራ ያስወጣል ብለን ጽፈናል» ማለት ብቻውን አያስወጣም። አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ራሱ ዘርዝሯል። አሠሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሌላ ጥፋት አይጨምርበትም። ሊጨመር የሚችለው በኅብረት ስምምነት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ሁለት ጥፋቶችን ብቻ ይዘው ወደ ድርድር ይሂዱ፦ የታካሚን ምስል ወይም መረጃ ማውጣትና በማንነት ላይ የተመሠረተ ጥላቻ። ማኅበሩ እነዚህን ለመቃወም ይከብደዋል። «መልካም ስም ማጉደፍ» ይዘው ከሄዱ ግን ትክክለኛ ምክንያት ይዞ ይቃወምዎታል። ማኅበር ከሌለ የማስጠንቀቂያ ደረጃዎችን በሥራ ደንባችሁ ላይ በግልጽ አስቀምጡ። ስንብት ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድርጊቱ ከአዋጁ የትኛው ፊደል ሥር እንደሚወድቅ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ያለዚያ ፍርድ ቤቱ «ወደ ሥራዋ ትመለስ» ይላል፤ ያኔ ሁለተኛው ወሬ ከመጀመሪያው ይብሳል።

የትርፍ ሰዓቱን ጉዳይ ባጭሩ ልጨርስልዎ። አይንኩት። ክፍያው በእርግጥ ከዘገየ ስማችሁን ያጎደፈው መዘግየቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያና የኑሮ ጥያቄ ማኅበራዊ ሚዲያውን እንዴት እንዳጥለቀለቀው አይተዋል። ይህን በመመሪያ አስቆማለሁ ማለት ዘበት ነው። መመሪያው ሊከለክል የሚችለው ጠባብ ነገር ነው፦ የባልደረባን የደመወዝ ወረቀት ያለፈቃዱ ማውጣት፣ ሐሰት መሆኑን እያወቁ መጻፍ፣ ሰው ማስፈራራት። ዝግ በሆነ የሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ የተባለን ነገር ደግሞ አንዱ ስክሪንሾት አንሥቶ ቢያመጣልዎ አይቀበሉ። ዛሬ ከተቀበሉ ነገ ሰው ሁሉ ሰላይ ይሆናል። ይልቅ መመሪያው ላይ «የክፍያ ቅሬታ በዚህ ቢሮ ይቀርባል፣ በ5 የሥራ ቀን የጽሑፍ መልስ ይሰጣል» ይበሉ። መልሱ በቀኑ ካልተሰጠ ግን ያ መስመር ራሱ ቴሌግራም ላይ ይወጣል።

መመሪያው ሆስፒታሉ የማያደርጋቸውን ነገሮችም ይናገር። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። አለቃ የበታቹን «ጓደኛ አድርገኝ» ብሎ አያስገድድም። የሠራተኞችን ገጽ የሚከታተል ሰው አይመደብም፤ የሚታየው አቤቱታ ሲመጣ ብቻ ነው። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት በተጻፈ ነገር በዚህ መመሪያ ማንም አይጠየቅም። የሆስፒታሉን ማስታወቂያ ሼር አላደረክም ተብሎም ማንም አይወቀስም። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን የምታበሳጨው እሷ ናት።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይበልጥ። የጥበቃ ሠራተኛው አንብቦ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ። ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ለሠራተኛው ይስጡና አንድ ሳምንት ይጠብቁ። የሌሊት ተረኞች አስተያየት በተለይ ይጠቅማል፤ ዋርድ ውስጥ ስልክ የሚወጣበትን ምክንያት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የተረኞች ማረፊያ ክፍል አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ረቂቁን ይፈትኑት። አምስት የፈጠራ ጽሑፎች ያዘጋጁ። አንድ ፓርቲ የሚደግፍ፣ ብሔር የሚሳደብ፣ ስሙ የተቆረጠ ራጅ፣ ስለ ዘገየ አበል የሚያማርር፣ በጋውን ሆኖ ሃይማኖት የሚከራከር። ለሜትረኗ፣ ለፋይናንስ ኃላፊውና ለቦርድ ሰብሳቢው ለየብቻ ይስጧቸው። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ «ይፈቀዳል» ወይም «ጥፋት ነው» ብለው ከአንቀጹ ቁጥር ጋር ይጻፉ። ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ የሰጡበት አንቀጽ ደህና ነው። የተለያዩበትን አንቀጽ ግን እነሱን ለማስማማት አይድከሙ፤ አንቀጹን እንደገና ይጻፉት። ስለ ፓርቲው ጽሑፍ ሰብሳቢው ብቻቸውን «ጥፋት ነው» ካሉ፣ የአንቀጽ 26ን ኮፒ ይዘው ይግቡና ያነጋግሯቸው።